የፈረምኩባቸው አስራ ሁለት ግቦች

ይሄን ታሪክ ሳወራ እስካሁን አፌ ይመረኛል። ግን ዝም ብል ደግሞ ይብሳል፤ ዝም ማለት ምን እንዳመጣብኝ ትሰማላችሁ።

ያኔ በደሴት አገራችን ዋና ከተማ፣ ሱቫ ውስጥ በውሃው መሥሪያ ቤት ላቦራቶሪ ነበር የምሠራው። ከየቧንቧውና ከየማጠራቀሚያው የሚመጣውን ውሃ እንመረምራለን፤ ባክቴሪያ አለው ወይ፣ ክሎሪኑ በቂ ነው ወይ፣ ደፍርሷል ወይ። ሥራዬን እወደዋለሁ። መሥሪያ ቤቱን ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ጠላሁት፤ የጠላሁትም ሚስተር ሜሊ የሚባለው አለቃችን ግድግዳው ላይ ያንን ሰንጠረዥ ከሰቀለ ጀምሮ ነው።

ነገሩ በደህና ነው የጀመረው። ግሌኒስ የምትባል ሴትዮ ከኦክላንድ መጥታ ሁለት ቀን አሠለጠነችን። ቀጭን ናት፣ ሳቂታ፣ ካሳቫውንም ሻዩንም ከኛ እኩል የምትበላ የምትጠጣ። «ዛሬ አስር ዓመት ሞልቷል በሉ» አለችን። «ጠዋት ሥራ ገብታችኋል። የት ነው? ምን ትሠራላችሁ? ማን ምን ሊጠይቃችሁ ይመጣል? አንድ ገጽ ጻፉ፤ ራዕያችሁ እሱ ነው። ‹ታላቅ ሰው እሆናለሁ› የሚል ነገር ግን እንዳላይ!»

ጻፍኩ። በላባሳ፣ በእናቴ አገር፣ ከባሕሩ ማዶ፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ ነኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው የናሙና ሣጥን ይገባል። ሁለት ያስተማርኳቸው ልጆች አሉ። ከስኳር ፋብሪካው ሰፈር አንዲት እናት ደውላ «ውሃው ለልጄ ደህና ነው?» ትለኛለች፣ እኔም ማንንም ሳልጠይቅ እመልስላታለሁ። ስጨርሰው ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። እስከ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ምን እንደምፈልግ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። በአስረኛው ዓመት እዚያ ለመድረስ በሰባተኛው ዲግሪውን መጨረስ አለብኝ፤ በአራተኛው ሁሉንም ምርመራ ብቻዬን መሥራትና ለሌላ ሰው ማስተማር፤ በመጀመሪያው ዓመት ታዲያ ምን? ለየዓመቱ ሦስት ሦስት ግብ። ግሌኒስ ግቡን እንዴት እንደምንጽፍ ስትነግረን ጠረጴዛውን በጣቷ ትመታ ነበር። «የማያውቃችሁ ሰው ወረቀቱን ይዞ ቢመጣ፣ ‹ሆኗል› ወይ ‹አልሆነም› ማለት ይችላል? ካልቻለ ግብ አይደለም፣ ምኞት ነው። ደግሞ በእጃችሁ ያለ ነገር ይሁን። ‹እሾማለሁ› አትበሉ፤ ሿሚው ሌላ ነው። ለሹመት የሚያበቃችሁን ጻፉ።» ያልተሳካ ግብ ካለ «አልተሳካም» ብሎ መጻፍ፣ ምክንያቱን ማስቀመጥ፣ ወደሚቀጥለው ዓመት ማዛወር። ነውር የለውም አለች።

እያንዳንዳችን አረጋጋጭ ይኖረናል፤ ጥንድ ጥንድ ሆነን፣ አንዳችን የሌላችን። በየዓመቱ በጥር ሁለቱ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ አንዱ «እስቲ አሳየኝ» ይላል፣ ሌላው ማስረጃውን ያወጣል፣ አረጋጋጩ ይፈርማል። ከቅጹ ጀርባ ደግሞ ባዶ ቦታ አለ፤ ባለቤቱ የቸገረውን እዚያ ይጽፋል፣ አረጋጋጩ በሌላ ወረቀት ይመልስለታል። የተፈረመው ከአረጋጋጩ እጅ ወደ አለቃው መሳቢያ ይሄዳል።

ግሌኒስ ሄደች። ሚስተር ሜሊ የጥንዶቹን ስም ለጠፈ። የኔን ስም ፈለግሁት፦ ኡናይሲ። ከጎኑ፦ ኢሶአ።

«ወይ ጉድ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ኢሶአ ናሙና ሰብሳቢ ነው፤ በመኪና እየዞረ ውሃውን ከየቦታው ቀድቶ የሚያመጣልን። የአባቴ ታናሽ ወንድም ልጅ ነው። በኛ ዘንድ ያ ማለት ወንድሜ ማለት ነው፤ ወንድምና እህት ደግሞ ከጎረመሱ ወዲያ ፊት ለፊት አይነጋገሩም። ጥል አይደለም፣ ክብር ነው። እሱ ሲገባ እኔ ዓይኔን ወደ ሥራዬ እመልሳለሁ፤ ሣጥኑን ያስቀምጣል፤ የሚነገር ካለ በሌላ ሰው ይነገራል። አስራ ስምንት ዓመት እንዲህ ኖረን አንድም ቀን አልተቀያየምንም።

ወደ ሚስተር ሜሊ ሄድኩ። እሱም የኛው ሰው ነው፣ ጠንቅቆ ያውቃል።

«ጌታዬ፣ ኢሶአ ወንድሜ እኮ ነው። ‹አሳየኝ› ልለው አልችልም።»

«ኡናይሲ፣ ይሄ ቢሮ ነው፣ መንደር አይደለም።»

«ሌላ ሰው ይስጡኝ እንጂ ምን ቸገረዎት?»

«ዝርዝሩ ለዋናው መሥሪያ ቤት ተልኳል» አለና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። አለቀ። ገበያ ውስጥ ከእህቱ ጋር እንዳይጋጠም መንገድ የሚሻገር ሰው፣ እኔን መንደር ይለኛል! አንጀቴ አረረ።

እንግዲህ ወረቀት በሰው ይመላለስ ተባለ። አመላላሿ ሻሊኒ ነች፣ ናሙና መዝጋቢያችን፣ አፏ የማያርፍ፣ ልቧ ግን ደህና። በመጀመሪያው ጥር ቅጹን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገችው።

«እንኪ፣ የወንድምሽ ራዕይ። በአስር ዓመት ጳጳስ ሳይሆን አይቀርም።»

«አንቺ ደግሞ፣ ወሬኛ!»

የቅጹን ፊት አየሁት። አንደኛ ግብ፦ አመራሬን ማሻሻል። ሁለተኛ፦ ከሰዎች ጋር ያለኝን ግንኙነት ማጠናከር። ሦስተኛ፦ ስለ ውሃ ጥራት ያለኝን ግንዛቤ ማስፋት። በሦስቱም ጎን «ተሳክቷል» ብሎ ራሱ ምልክት አድርጓል።

ምኑ ነው የሚታየው? በምን ይለካል? እኔ ሊፈትኑን ይዘቱ ያልተነገረን ሦስት ናሙና ከውጭ ሲላክልን አንዱንም ሳልስት ለመመርመር ስንት ቅዳሜ አቃጠልኩ! የውጤቱን ወረቀት አባሪ አድርጌ፣ ቀኑን ጽፌ ልኬለታለሁ። እሱ «ግንዛቤ» ይለኛል።

«‹እስቲ ግንዛቤውን ያሳየኝ› ብላለች በይልኝ» አልኳት ሻሊኒን።

«ልበለው?»

ዝም አልኩ። ወንድምን በሰው ፊት «ዋሽተሃል» እንደማለት ነው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ፈረምኩ። እንዲያው ቶሎ ከእጄ እንዲወጣ፣ የሚጠላ ነገር በጣት ጫፍ እንደሚያዝ ይዤ መለስኩላት።

እንዲህ አራት ጥር አለፈ። በየዓመቱ ቅጹ ይመጣል፣ በየዓመቱ ያው «ማሻሻል»፣ ያው «ማጠናከር»፣ እኔም በየዓመቱ እፈርማለሁ። ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ አምስት ደቂቃ አይቆይም ነበር።

እሱ ብቻ አይደለም። ቢሮው በሙሉ ተበላሸ። ሚስተር ሜሊ ለተሳካ ግብ ሁሉ ሰንጠረዡ ላይ አረንጓዴ ክብ ይለጥፋል፣ ላልተሳካ ቀይ። ሰው ታዲያ ያደረገውን ነገር ግብ ብሎ መጻፍ ጀመረ። አንዱ «ስብሰባ ላይ እገኛለሁ» ብሎ አረንጓዴ አገኘ። ሌላው ባለፈው ዓመት የወሰደውን የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ዘንድሮ ግብ አደረገው። ሚስተር ሜሊ ራሱ «አስራ ሁለት ስብሰባ መምራት» ብሎ ጻፈና አስራ ሁለት ጊዜ ሰበሰበን፤ አንዱ ስለ ሻይ ስኒ ነበር። ግድግዳው አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆነ፣ ውሃው ግን ያው ውሃ ነው። ባለፍኩ ቁጥር ቱ! ልል ይቃጣኛል።

የኔ ረድፍ ላይ ሦስት ቀይ ነበረ። ሰው ሁሉ ያየዋል። በሁለተኛው ዓመት የማታው የኬሚስትሪ ኮርስ ወደቅሁ፤ «አልተሳካም» ብዬ ጻፍኩ፣ ወደ ሦስተኛው አዛወርኩት፣ አለፍኩት። አንዴ ከውጭ ከተላከው ናሙና አንዱን ሳትኩ፤ እሱንም ጻፍኩ። አንዴ ሁለት ሰው አስተምራለሁ ብዬ አንድ ብቻ አስተማርኩ። እኔ ሞኟ እውነት ጻፍኩ። «ምናለ ዝም ብትዪ?» ትለኛለች ሻሊኒ። «የግሌኒስ ልጅ ነሽ እንዴ?»

በአራተኛው ዓመት ጥር ላይ ቅጾቹ ገቡ፤ በየካቲት የላባሳው ኃላፊ ጡረታ ወጣ።

አስር ዓመት እጠብቀዋለሁ ያልኩት ወንበር በአራት ዓመት ተከፈተ። ዲግሪው ገና ቢሆንም ማስታወቂያው ልምድ ይበቃል ይላል። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ማስታወቂያውን እንደገና ሳነበው ታች በኩል አንድ መስመር አየሁ፦ «ዕጩዎች በራዕይ ዕቅዳቸው ካሳኳቸው ግቦች አንጻር ይመዘናሉ።»

ያመለከትነው ሁለት ነን። እኔ ከአስራ ሁለት ዘጠኝ። ኢሶአ ከአስራ ሁለት አስራ ሁለት።

«አስራ ሁለቱንም ያረጋገጠለት ማን ሆነና?» አለች ሻሊኒ። ቀልድ መስሏት ነበር፤ ፊቴን ስታይ አፏን ያዘች።

እኔ ነኛ! በገዛ እጄ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ። ሕልሜን ቆርጬ ለሰውዬው አበርክቼ፣ ደስ ብሎኝ ነው የፈረምኩት ማለት ነው። ተናደድኩበት፣ ምን ያህል እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። አፍሮ እንኳ ማመልከቻውን አይተውም? ዓይንህ ላፈር አልኩት በልቤ፤ ወንድምን እንዲህ ማለት ነውር ነው፤ አልኩት።

የምርጫው ኮሚቴ ሦስት ሰው ነው፦ ሚስተር ሜሊ፣ ከናንዲ የመጣ አንድ መሐንዲስ፣ እና ከሰው ኃይል ክፍል ወይዘሮ ቫሲቲ። ቫሲቲ የካንዳቩ ደሴት ሴት ነች፣ ትልቅ፣ ቀስ ብላ የምታወራ፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች። ስገባ ኢሶአ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፣ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዙን ለብሶ። ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ፤ እኔም አለፍኩ።

ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ከዚያ ቫሲቲ ሁለት ክምር ወረቀት ፊቷ አደረገች።

«የኢሶአ አረጋጋጭ አንቺ ነሽ።»

«አዎ፣ እመቤት።»

«‹አመራሬን ማሻሻል›። ተሳክቷል ብለሽ ፈርመሻል። ምን ማስረጃ አይተሽ ነው?»

አይቻለሁ ብል ወንበሩ የሱ ነው። አላየሁም ብል አራት ዓመት በሐሰት ፈርሜያለሁ። ንዴቴ ግን ከፍርሃቴ በለጠ።

«ምንም አላየሁም» አልኩ። «አራቱንም ዓመት። አንድም ማስረጃ አልጠየቅሁም። የሚታይ ነገርም የለውም፤ እነዚህ ግብ አይደሉም።»

ሚስተር ሜሊ ወደ ፊት ዘንበል አለ። «ታዲያ ለምን ፈረምሽ?»

«ወንድሜ ነው፤ ለርስዎም ነግሬዎት ነበር። ‹ይሄ ቢሮ ነው› አሉኝ።»

ሚስተር ሜሊ ወረቀት ያነብ ጀመር። መሐንዲሱ ኮርኒሱን አየ።

ቫሲቲ መነጽሯን አደረገች። «እኔም ወንድም አለኝ» አለች። «ከልጅነታችን ወዲህ አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። ሲታመም ግን መድኃኒት ልኬለታለሁ፣ በወረቀት ጽፌለታለሁ። በአፍ አይባልም እንጂ በወረቀት ይባላል።» ከዚያ የኢሶአን የመጀመሪያ ዓመት ቅጽ አንስታ ገለበጠችው። «ጀርባውን አይተሽዋል?»

«አላየሁም።»

«ላንብብልሽ።»

አነበበችው። ድምጿ እንደ ስብከት አልነበረም፤ እንደ ዕቃ ዝርዝር ነው ያነበበችው።

«‹ለአረጋጋጬ። አመራር ያልኩት ምን እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ነው። በሥልጠናው ቀን መኪናው ናቡዋ ላይ ተበላሽቶብኝ ግማሹን አልሰማሁም። ሰው የሚያየው ግብ ለኔ ሥራ ምን ይሆናል? ናሙናውን ሳይሞቅ፣ በስድስት ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ማድረሴን ብቆጥር ይሆናል? ትክክል ካልሆነ አልተሳካም በይ፣ አልቀየምም።›»

ናሙናውን ሳይሞቅ፣ በስድስት ሰዓት ውስጥ። ከዚህ የተሻለ ግብ በዚያ ቢሮ ውስጥ የጻፈ ሰው አልነበረም። እኔም ጭምር።

ሁለተኛውን ገለበጠች። «‹ባለፈው ዓመት መልስ አልደረሰኝም፣ በደንብ ስላልጠየቅሁ ይሆናል። የናሙና አወሳሰድ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ኮርስ አለ ይባላል። ልመዝገብ?›» ሦስተኛውን። «‹የኮርሱ ምዝገባ አለፈኝ። ለሚቀጥለው ዓመት አንዲት ቃል ብትጽፊልኝ ይበቃኛል።›» አራተኛው ላይ ትንሽ ቆየች። «‹መልስ ካልመጣ ደህና ነው ማለት ነው ብዬ ወስጄዋለሁ። አመሰግናለሁ።›»

«ይበቃል» አልኩ።

«አይበቃም» አለች፣ ያለ ቁጣ። «ይሄ ደግሞ ያንቺ ነው። አረጋጋጭሽ እሱ ነው።» የኔን ቅጾች ገለበጠች። እኔ አንድም ነገር ያልጻፍኩበት ጀርባ፣ «እሱ ምን ያውቃል» ብዬ ባዶ የላክሁት፣ ከላይ እስከ ታች ተጽፏል። ውጤቴን መዝገቡ ላይ ሄዶ አይቷል፣ ቁጥሩን ገልብጧል። ያስተማርኳትን ልጅ ብቻዋን ስትመረምር አይቶ ቀኑን ጽፏል። ኬሚስትሪ የወደቅሁበት ዓመት ላይ እንዲህ ይላል፦ «አልተሳካም፣ እውነት ነው። ፈተናው የእናቷ ቀብር ሳምንት ላይ ነበር፤ እሷ ምክንያቱን አልጻፈችም፣ ስለዚህ እኔ ጻፍኩት። ግቡ ይዛወር እንጂ አይሰረዝ።»

ሦስቱም ቀዮቼ ሥር የሱ ጽሑፍ አለ። መሐንዲሱ ተቀብሎ አነበበው፣ ራሱን ነቀነቀ። ቫሲቲ ወደ ሚስተር ሜሊ ዞረች።

«ወደ መሳቢያዎ የገባው ይሄ ሁሉ ነው። አራት ዓመት ሲያስገቡ ገልብጠው አይተውታል?»

«እኔ... የምቆጥረው ፊቱን ነው» አለ።

ሁለታችንም ፊቱን ብቻ ነበር የምናየው፤ እሱና እኔ። ያን ሰውዬ አራት ዓመት ስጸየፈው ከርሜ፣ ለካ አንድ ነን። ከዚያ ቀን በፊት የተጸየፍኩት ነገር ሁሉ ውጭ ነበር፤ ያን ቀን ውስጤ ገባ።

ስወጣ ኢሶአ አሁንም አግዳሚው ላይ ነው። ብድግ አለ፣ መንገድ ለቀቀልኝ፣ ዓይኑን መሬት ላይ እንዳደረገ። አፌን ከፈትኩ። አስራ ስምንት ዓመት፣ ኋላም አራት፣ ያልተነገረ ቃል አፌ ላይ መጣ። ሚስተር ሜሊ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። አፌን ዘጋሁና አለፍኩ።

ወንበሩን ለኔ ሰጡኝ። ሊሰጡኝም ይገባ ነበር፤ የኔ ማስረጃ አለው፣ የሱ የለውም። ማስረጃዬን የመሰከረልኝ እሱ ነው፤ እሱን ያለ ማስረጃ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ሻሊኒ ኬክ ገዝታ መጣች፣ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ አለቃ!» አለች። ኬኩን ቆራርሼ ለሰው ሁሉ አደልኩ።

አሁን ላባሳ ነኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ሣጥን ይገባል። ሁለት ልጆች አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ከፋብሪካው ሰፈር አንዲት እናት ደወለች፣ ውሃው ለልጇ ደህና እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት። ልክ እንደጻፍኩት፣ ቃል በቃል። ስልኩን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ፊቴን ታጠብኩ።

አንድ ነገር ለምኜ ነበር፤ የኢሶአ አረጋጋጭ ሆኜ እንድቀጥል። ቫሲቲ ፈቀደችልኝ። ለሱ ሦስት ገጽ ጻፍኩለት፦ የስድስቱ ሰዓት ግብ እንዴት እንደሚቆጠር፣ ኮርሱ የት እንደሚሰጥ፣ ምዝገባው መቼ እንደሚዘጋ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ጥፋቱ የኔ ነው»። በሻሊኒ እጅ ላክሁት። እንደደረሰው ነገረችኝ። «አጥፎ ኪሱ ከተተው» አለች።

ጥር ገባ፣ ቅጹ በጀልባ መጣ። ፖስታውን የከፈትኩት ቆሜ ነው። ፊቱ ላይ አንደኛ ግብ፦ አመራሬን ማሻሻል። ሁለተኛ፦ ግንኙነቴን ማጠናከር። ሦስተኛ፦ ግንዛቤዬን ማስፋት። ሦስቱም ተሳክቷል።

ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነው።